ቀለበቱ የማን ነው? በስስ የደም ቅብ ፎቶ ላይ የወባን ዕድሜ ማንበብ

ወባ ባለበት ቆላ አካባቢ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ጣቱን ተወግቶ ከጠበቀ በኋላ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አጭር ስሞች አንዱ ይሰፍርበታል። አንዱ «ፒኤፍ» ነው፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ማለት ነው። ሌላው «ፒቪ» ነው፤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ። በአገራችን የወባ በሽተኞች ደም ውስጥ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ሲመለስ በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አያሳስበውም። መድኃኒቱን የሚያዘው ሰው ግን የሚነሳው ከዚያው ነው።

ፋልሲፓረም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችለው ነው። ሕክምናው ያልተወሳሰበ ከሆነ በአብዛኛው ኮአርተም ይሰጣል። ቫይቫክስ ደግሞ ከደም ቢጠፋም ከፊሉ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ደሙን የሚያጸዳው ክሎሮኪን ብቻውን አይበቃውም፤ የጉበቱን የሚያጠፋ ፕሪማኪን ለተከታታይ ቀናት ያስፈልገዋል። «ፒቪ» መባል የነበረበት «ፒኤፍ» ከተባለ ታማሚው ለጊዜው ይሻለውና በዚያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። በተቃራኒው ከተሳሳተ ደግሞ አደገኛው ወባ በማይመጥን መድኃኒት ይታከማል።

ይህን ልዩነት በዓይን መለየት የሚለማመዱት የላብራቶሪ ሰልጣኞች ናቸው። ልምምዳቸው በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚካሄድ አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ የተነሳ የደም ፎቶ ግድግዳ ላይ ይበራና ክፍሉ ሁሉ አንዱን ሴል እያየ ይከራከርበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ጥያቄና መልስ ተመሳሳይ ነው። አሰልጣኙ «ምን ታያላችሁ?» ሲል ከፊት ወንበር አንዷ «ቀለበት አለ፤ ፋልሲፓረም ነው መምህር» ትላለች። አሰልጣኙም «ቀለበቱን አይተሻል፤ የማን ቀለበት እንደሆነ ግን ገና አልነገርሽንም» ይላታል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀለበት የአንድ ዝርያ መታወቂያ ሳይሆን የዕድሜ ደረጃ ነው። የወባን ዓይነት ከፎቶ ላይ ለመለየት አስቀድሞ የጥገኛ ተሕዋሲውን ዕድሜ ማንበብ ያሻል፤ ከዚያም የትኞቹ ዕድሜዎች እንደሚታዩና የትኞቹ እንደጎደሉ መቁጠር።

ፎቶው ከየት መጣ?

ፎቶው የተነሳው ከስስ ቅብ ነው። በወባ ምርመራ በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ ይሠራል። ከመካከለኛው ወይም ከቀለበት ጣት ተወግቶ ከወጣው ደም ወደ 6 ማይክሮሊትር የሚሆነው አንድ ቦታ ላይ በክብ ተደርጎ ይለወሳል፤ ይህ ወፍራሙ ቅብ ነው። ወደ 2 ማይክሮሊትር የምትሆን ትንሽ ጠብታ ደግሞ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ተገፍታ ትለጠጣለች፤ ይህ ስሱ ቅብ ነው። በላብራቶሪ ውስጥ «ቲክ» እና «ቲን» ሲባሉ የሚሰሙት እነዚህ ናቸው።

ሁለቱ ሥራቸው ለየቅል ነው። ስሱ ቅብ ከደረቀ በኋላ ሜታኖል ይነካውና ሴሎቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ መስታወቱ ላይ ይጣበቃሉ። ወፍራሙ ሜታኖል ስለማይነካው ማቅለሚያው ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ የሚቀሩት ነጭ የደም ሴሎች፣ ፕላትሌቶችና ጥገኞቹ ናቸው። ብዙ ደም በትንሽ ቦታ ስለሚታይበት ወባ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ወፍራሙ ይሻላል። ጥገኛው ያደረበት ሴል ግን ፈርሷል። ዝርያ የሚለየው ደግሞ ግማሹ ምልክት ያለው በዚያ በፈረሰው ሴል ላይ ነው። ስለዚህ «የትኛው ወባ ነው?» የሚለው ጥያቄ ወደ ስሱ ቅብ ይመራል።

ቀጥሎ ማቅለም አለ። ማቅለሚያው ጀርመናዊው ኬሚስት ጉስታቭ ጊምሳ በ1904 እ.ኤ.አ. ያሻሻለውና በስሙ የሚጠራው ጊምሳ ነው። ለፈጣን ሥራ 10 በመቶ ሆኖ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። የሚበጠበጥበት ውኃ የአሲድነት መጠን 7.2 እንዲሆን ይደረጋል። ይህች ቁጥር ትንሽ ብትመስልም በኋላ ፎቶው ላይ ከሚታየው ወይም ከሚጠፋው ምልክት ጋር በቀጥታ የተያያዘች ናት።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያሳረፈበት ቦታም ይወስናል። ስስ ቅብ ከመነሻው ወፍራም ነው፤ ሴሎቹ ይደራረባሉ። እስከ ጫፉ ሲኬድ ደግሞ እየሳሳ ሄዶ ሴሎቹ ይጠፈጠፋሉ፤ መሀላቸው ላይ ያለው ነጣ ያለ ክበብ ይጠፋና ከእውነተኛ መጠናቸው በላይ ይሰፋሉ። የሚፈለገው ሴሎቹ ጎን ለጎን ሆነው ሳይደራረቡ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ሰልጣኝ ፎቶ ሲቀርብለት ከሁሉ በፊት የሚያረጋግጠው ይህንን ነው። ሁሉም ሴሎች መሀላቸው ሳይነጣ ሰፍተው ከታዩት፣ ከነሱ አንዱን «አብጧል» ብሎ ለቫይቫክስ ማስረጃ ማድረግ አይችልም።

ከጥገኛው በፊት ሴሉን

ጀማሪ ዓይን ሐምራዊ ነገር ያለበት ላይ ይወድቃል። ልምድ ያለው ሰው ግን የሚጀምረው ምንም ከሌለባቸው ሴሎች ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ዲያሜትሩ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው። ግድግዳ ላይ የበራ ፎቶ ምን ያህል እንደተለቀ ስለማይታወቅ በማስመሪያ መለካት ዋጋ የለውም። ፎቶው ውስጥ ያለው አስተማማኝ መለኪያ ጤነኛው ሴል ራሱ ነው። ጥገኛ የያዘው ሴል ከጎረቤቶቹ ጋር ይወዳደራል፤ እኩል ነው ወይስ ሰፍቷል? ቀለበቱስ የሴሉን ስፋት ስንት እጅ ይይዛል?

ሁለተኛው ነገር ቀለሙን ማመን ይቻል እንደሆነ መፈተሽ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ፎቶው ውስጥ የገባ ነጭ የደም ሴል ነው። ኒውትሮፊል ካለ ኒውክለሱ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ሆኖ በጥርት መታየት አለበት። እሱ ፈዝዞ ቀይ ሴሎቹ ሁሉ ወደ ሮዝ ካደሉ ውኃው አሲድ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል። የማይክሮስኮፑ መብራት ቢጫ ስለሆነ ወይም ካሜራው ቀለም ስላዛባም ይህ ይከሰታል። ነጩ ሴል በትክክል ካልቀለመ በጥገኛው ቀለም ላይ መፍረድ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሐምራዊዎቹ ነጠብጣቦች የሚኬደው። መመሪያው ቀላል ነው፤ ጥገኛ ለመባል ቢያንስ ሁለት ቀለም ያስፈልጋል። ክሮማቲኑ፣ ማለትም የዘር ቁሱ ያለበት ክፍል፣ ቀይ ወይም ቀይ ሐምራዊ ይሆናል። ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ይሆናል። ጥገኛው ካደገ በኋላ ሦስተኛ ቀለም ይጨመራል፤ ሄሞግሎቢን በልቶ ያስቀረው ዝቃጭ ወርቃማ ቡናማ ወይም ጥቁር ቡናማ ፒግመንት ሆኖ ይታያል። ቀይ ነጥብ ብቻዋን ያለ ሰማያዊ ከታየች ሰልጣኙ እጁን መሰብሰብ አለበት።

ብዙ ሰው የሚያታልለው ቀይ ሴል ላይ የተጋደመ ፕላትሌት ነው። ፕላትሌት ሐምራዊ ነው፤ መጠኑም ለጥገኛ ይቀርባል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ሁለመናው አንድ ዓይነት ሽርክት ያለ ሐምራዊ ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው ተለያይተው አይታዩበትም። ብዙ ጊዜም ዙሪያውን ነጣ ያለ ጠርዝ ይከበዋል። ተመሳሳይ ነገሮች ከሴሎቹ ውጭ በባዶው ቦታ ላይ ካሉ ጥርጣሬው ይጠናከራል። የማቅለሚያ ዝቃጭም እንዲሁ ነው፤ በሴልም ላይ ከሴልም ውጭ ያለ ልዩነት ተበትኖ ይገኛል። ጥገኛው ግን በስስ ቅብ ላይ የሚፈለገው በቀይ ሴል ውስጥ ነው።

አርባ ስምንት ሰዓት በአንድ ሴል ውስጥ

ፋልሲፓረምም ሆነ ቫይቫክስ አንድ ቀይ ሴል ውስጥ ገብተው፣ አድገው፣ ተባዝተው እስኪወጡ ወደ 48 ሰዓት ይወስድባቸዋል። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የትኩሳቱን ሰዓት ከዚህ ዑደት ጋር አያይዞ አሳይቷል። ብርድ ብርድ ማለቱና ትኩሳቱ የሚመጣው ሴሎቹ በአንድነት ሲፈነዱ ነው። ስለዚህ አንድ የደም ፎቶ የዚያ 48 ሰዓት አንድ ቅጽበት ነው፤ ፎቶው ላይ የሚታዩት ቅርጾችም ዕድሜዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ዕድሜ ቀለበት ነው። ጥገኛው ገና ሴሉ ውስጥ መግባቱ ነው፤ መሀሉ ባዶ የሚመስል ቀጭን ሰማያዊ ክብ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ተቀምጣለች። ቀጥሎ ትሮፎዞይቱ ያድጋል፤ ሰማያዊው ይወፍራል፣ ፒግመንቱ ይታያል። ሦስተኛው ሺዞንት ይባላል፤ ክሮማቲኑ ተከፋፍሎ ብዙ ይሆንና እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱን ሰማያዊ ይዞ ሜሮዞይት ይሆናል። ሴሉ ሲፈነዳ ሜሮዞይቶቹ ሌሎች ሴሎችን ይወራሉ። ከዚህ መስመር የወጡ ጥቂቶች ደግሞ መባዛታቸውን ትተው ጋሜቶሳይት ይሆናሉ፤ ትንኟ ደም ስትመጥ የምትወስዳቸውና በሽታውን ወደ ሌላ ሰው የምታሻግራቸው እነዚህን ነው።

ቀለበት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዝርያ መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አባቱን ይምሰል እናቱን ገና በፊቱ ላይ እንደማይለይ ሁሉ፣ የጥቂት ሰዓት ዕድሜ ያላቸው ቀለበቶችም የፋልሲፓረም ይሁኑ የቫይቫክስ ቅርጻቸው ይቀራረባል። በእርግጥ ማዘንበያ አለ። የፋልሲፓረም ቀለበት ቀጭንና ጥቃቅን ነው፤ ከሴሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሁለት ቀይ ነጥብ አለው፣ አንዳንዱ ሴሉ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይታያል፣ በአንድ ሴል ውስጥ ሁለትና ሦስት መሆኑም የተለመደ ነው። የቫይቫክስ ቀለበት ከበድ ያለና ሰፋ ያለ ነው፤ እስከ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። ነገር ግን ቫይቫክስም አልፎ አልፎ ሁለት ነጥብ ይኖረዋል፤ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ሆኖ መገኘቱም አለ። አንዱን ምልክት ነጥሎ ይዞ መሮጥ አያዋጣም።

ዕድሜው ሲጨምር ግን ልዩነቱ ይፈጠራል። ቫይቫክስ በአብዛኛው የሚመርጠው ገና ከአጥንት መቅኔ የወጡ ወጣት ቀይ ሴሎችን ነው። እነዚህ ከጅምሩም ከሌሎቹ ሰፋ ይላሉ፤ ጥገኛው ሲያድግ ደግሞ ጭራሽ ያብጣሉ። ትሮፎዞይቱ ቅርጽ የለውም፤ እግሩን ወዲያና ወዲህ ዘርግቶ ሴሉን የሚያስስ ይመስላል። በሴሉ ላይም ሹፍነር የሚባሉ ደቃቅ ሮዝ ነጠብጣቦች ይፈስሳሉ። የውኃው 7.2 መሆን የሚፈለገው እዚህ ነው፤ ውኃው አሲድ ከበዛበት እነዚህ ነጠብጣቦች ላይወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ነጠብጣቦቹ መኖራቸው ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አለመኖራቸው ግን ቫይቫክስን አያስቀርም።

አንድ ፎቶ በዝርዝር

አሁን ለልምምድ የሚቀርብ ዓይነት አንድ ፎቶ እናንብብ። ቅቡ ጥሩ ቦታ ላይ ተነስቷል፤ ሴሎቹ አልተደራረቡም፣ መሀላቸው ነጣ ይላል። ከላይ በግራ በኩል አንድ ኒውትሮፊል አለ፤ ኒውክለሱ ጥርት ያለ ሐምራዊ ነው። ቀለሙን ማመን ይቻላል። ጥያቄ የሚያስነሱ ስድስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መጠኑ ያልተለወጠ ሴል ውስጥ ያለ ቀለበት ነው። ሁለተኛው አንድ ሴል ውስጥ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ናቸው። አብዛኛው ሰልጣኝ «ፋልሲፓረም» የሚለው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያየው የወሰነውን ለማጽናት ይሆናል። አሰልጣኙ የሚለምነው ቀለበቶቹን «ወጣት ትሮፎዞይት፣ ዝርያው አልታወቀም» ብለው ጽፈው እንዲያልፉ ነው።

ሦስተኛው ከመሀል ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ሴል ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ሰፋ ያለ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ጤነኛ ሴል በውስጡ ገብቶ ዙሪያውን ቦታ ይተርፈዋል። በውስጡ ያለው ሰማያዊ ቅርጽ የተቆራረጠ ይመስላል፤ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ቀጥኖ ይሄዳል። ወርቃማ ቡናማ ፍንጣሪዎች አሉበት። የሴሉ ቀይ ክፍል ደግሞ እንደሌሎቹ ልሙጥ አይደለም፤ ሮዝ ነጠብጣብ ሞልቶታል። ይህ ያደገ የቫይቫክስ ትሮፎዞይት ነው።

አራተኛው ሴልም ሰፍቷል። በውስጡ ቀያይ ነጥቦች ተሰብስበዋል፤ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ 16 ይሆናሉ፤ ቡናማው ፒግመንት አንድ ቦታ ተጠራቅሟል። ይህ የበሰለ ሺዞንት ነው። የቫይቫክስ ሺዞንት ከ12 እስከ 24 ሜሮዞይት ስለሚይዝ ቁጥሩ ይስማማል። ከ12 በታች ቢሆንና ሴሉ ባይሰፋ ኖሮ ፕላዝሞዲየም ማላሪዬ መጠርጠር ነበረበት።

አምስተኛው ሊያሳስት የሚችል ነው። ሰፊ ሴል፣ በውስጡም ሴሉን ሊሞላ የደረሰ ክብ ሰማያዊ አካል አለ። እንደ ሦስተኛው የተቆራረጠ አይደለም፤ ጠርዙ የተስተካከለ ነው። ክሮማቲኑ ያልተከፋፈለ አንድ ጥቅል ሆኖ ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ፒግመንቱ በመላ አካሉ ተበትኗል። ይህ ጋሜቶሳይት ነው። ያደገ ትሮፎዞይት ከጋሜቶሳይት ጋር ሲምታታ ዓይን ማረፍ ያለበት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ትሮፎዞይቱ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍተት ይኖረዋል፤ ጋሜቶሳይቱ ድፍን ነው።

ስድስተኛው ቀይ ሴል ላይ ያረፈች ሐምራዊ ነገር ናት። ዙሪያዋ ነጣ ይላል፤ ሰማያዊ የላትም። ከሁለት ሴል በኋላ በባዶው ቦታ ላይ ተመሳሳይዋ አለች። ፕላትሌት ናት፤ ከቁጥሩ ትወጣለች።

ስድስቱ ሲደመሩ ፎቶው ይናገራል። ቀለበት፣ ያደገ ትሮፎዞይት፣ ሺዞንትና ክብ ጋሜቶሳይት አሉ፤ ሁሉም ዕድሜዎች በአንድ ፎቶ ላይ ናቸው። ያደጉት ሁሉ የሰፋ ሴል ውስጥ ናቸው። ቫይቫክስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴሎች ከዚህ ጋር አይጋጩም፤ የዚያው ጥገኛ ታናናሾች ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁንና ጥንቁቅ ሰልጣኝ አንድ መስመር ይጨምራል። ሁለቱ ወባዎች በአንድ ሰው ደም ውስጥ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ በአንድ ፎቶ ላይ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ፋልሲፓረም በድርብ አለመኖሩን አያረጋግጡም። ያንን የሚወስነው ስላይዱ ላይ ተጨማሪ ፍለጋ ነው።

ያልታየው ዕድሜ

ሁለተኛ ፎቶ ይምጣ። ቀለበቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም መጠናቸው ባልተለወጠ ሴሎች ውስጥ ናቸው። ጥግ ላይ አንድ ጎንበስ ያለ ረዥም ቅርጽ አለ፤ ፒግመንቱ መሀሉ ላይ ተከማችቷል። የፋልሲፓረም ጋሜቶሳይት ይህ ነው፤ ማንም ከማንም አያሳስተውም። ሰልጣኙ በሱ ተደስቶ ማቆም ይችላል። ግን ጋሜቶሳይቱ ባይኖርስ ኖሮ?

ያኔ የሚጠየቀው «ምን ጎደለ?» የሚል ነው። በዚህ ፎቶ ላይ ቀለበትና ጋሜቶሳይት እንጂ መካከለኛው ዕድሜ የለም። ያደገ ትሮፎዞይትም ሺዞንትም አይታዩም። ጥገኞቹ ማደጋቸውን አላቆሙም፤ ተደብቀው ነው። ፋልሲፓረም ግማሽ ዕድሜውን ሲጠጋ ያደረበትን ሴል ገጽታ ይለውጥና ሴሉ የጥቃቅን ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ከጣት የወጣ ደም ውስጥ ስለዚህ አይገኝም። አንጎልንና ሌሎች የውስጥ አካላትን የሚጎዳውም ይኸው መጣበቅ ነው። ቫይቫክስ እንዲህ ስለማይሰበሰብ ዕድሜዎቹ ሁሉ በደሙ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ቀለበት በቀለበት የሆነ፣ መካከለኛ ዕድሜ የሌለው ደም ለፋልሲፓረም በራሱ ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚሁ የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለ። በፋልሲፓረም ደም ላይ ሺዞንት ከታየ ዝርያው ተሳስቶ ይሆን ብሎ መመርመር ይገባል፤ ካልተሳሳተ ደግሞ በሽታው መክበዱን የሚጠቁም ምልክት ስለሆነ ለሐኪሙ ወዲያው መነገር አለበት። አንድ መዘዝም አለ፤ ደሙ በቱቦ ተቀድቶ ሳይቀባ ለሰዓታት ከቆየ ጥገኞቹ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ የቫይቫክሱ የተዘረጋ ቅርጽ ይሰበሰባል፣ የፋልሲፓረሙ ጋሜቶሳይት ሊድበለበል ይችላል። ስለዚህ ቅርጹ ያልተለመደ ሲሆን «ይህ ደም መቼ ተቀዳ?» የሚለው ጥያቄ ከዓይን ይልቅ መልስ ይሰጣል።

በዚህ ፎቶ ላይ ቆጠራም መለማመድ ይቻላል። ቀይ ሴሎቹ 160 ናቸው እንበል። ጥገኛ የያዙት ሲቆጠሩ 9 ናቸው፤ አንዱ ጋሜቶሳይት የያዘው ነው። ጋሜቶሳይቱ ደም ውስጥ ስለማይባዛ ከቆጠራው ይወጣና 8 ይቀራሉ። ከነዚህ አንዱ ሁለት ቀለበት ቢኖረውም የሚቆጠረው ሴሉ ስለሆነ አንድ ነው። 8 ለ160 ሲካፈል 5 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ታማሚው ላይ ግን አይለጠፍም። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያሳረፈው ጥገኛ የበዛበት ቦታ ላይ መሆኑ አይቀርም። ለታማሚ የሚሰጥ ቁጥር ከብዙ ቦታዎች ቢያንስ 1,000 ያህል ቀይ ሴሎች ተቆጥረው የሚገኝ ነው።

ፎቶ የማይመልሰው

ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ ከማስተካከያው ቁልፍ አይለይም። አንድ ነገር ሲያጠራጥረው ቁልፉን በትንሹ ያዞራል፤ ቆሻሻው ከሴሉ በላይ ከሆነ ሴሉ ሲደበዝዝ ቆሻሻው ጥርት ይላል። ጥገኛው ግን ከሴሉ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ላይ ይህ የለም። ጥልቀቱ አንድ ጊዜ ተወስኗል፤ ስክሪኑ ላይ ማሳደግም ነጥቡን ያተልቀዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ስለዚህ በፎቶ ላይ «አልወሰንኩም» ማለት ትክክለኛ መልስ የሚሆንባቸው ሴሎች አሉ።

ሌላው ችግር የፎቶዎቹ ውበት ነው። መማሪያ መጽሐፍ ላይ የሚወጣው ሴል ከብዙ ሺህ ተመርጦ ነው። በዚያ ብቻ የሠለጠነ ዓይን የጤና ጣቢያውን ስላይድ ሲያይ ይደናገራል፤ እዚያ ጥገኛው በከፊል የተሸፈነ፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጎኑ ላይ ዝቃጭ ያለበት ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ስለዚህ የተበላሹ ፎቶዎችንም ያካትታል፤ የተደራረበ ቅብ፣ አሲድ የበዛበት ቀለም፣ ፕላትሌት ብቻ ያለበት፣ ጥገኛ ጨርሶ የሌለበት። የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ሁሉ ወባ አለው ብሎ የሚጠብቅ ሰልጣኝ ካጣው ይፈጥረዋልና።

ከሁሉም በላይ ፎቶ «ወባ የለም» ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አንድን ስላይድ ከወባ ነፃ ነው ለማለት በወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 ዕይታዎች በዘይት ሌንስ እንዲመረመሩ ያዝዛል። አንድ የስስ ቅብ ፎቶ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በውስጡ ጥገኛ አለመታየቱ ፎቶው ላይ አለመኖሩን ብቻ ይናገራል።

ስለዚህ በልምምዱ ማብቂያ ሰልጣኙ የሚያስረክበው ወረቀት ከጤና ጣቢያው ወረቀት ይረዝማል። የታዩት ዕድሜዎች በአንድ ወገን ይጻፋሉ፤ የጎደሉት በሌላው፤ መወሰን ያልተቻለባቸው ሴሎች ደግሞ በሦስተኛው። የዝርያው ስም ከሥር ይመጣል። ለመጀመሪያው ፎቶ እንዲህ ይሆናል፦ ቀለበት፣ ያደገ ትሮፎዞይት፣ ሺዞንትና ክብ ጋሜቶሳይት ታይተዋል፤ የጎደለ ዕድሜ የለም፤ የሁለት ሴሎች ቀለበቶች በራሳቸው ዝርያ አይለዩም፤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ፣ ድርብ ወባ አለመኖሩ ከስላይዱ ይረጋገጥ።